ነጭ ያወጣው ቸኮሌት

ቢቸና መናኸሪያ ፊት ለፊት ኬክ ቤት ያላት ውበቴ ሰው ላይ ሳትቀልድ የዋለችበት ቀን ካለ፣ ያን ቀን ታማ ተኝታለች ማለት ነው። ክፋት የላትም። ብቻ ሰው ሲደነግጥ የሚያሳየው ፊት ከምንም ነገር በላይ ያስደስታታል።

ለምሳሌ አከራይዋን ጋሽ ሽታሁንን እንውሰድ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ጠዋት ጠዋት በሱቋ በር ያልፉና «እስቲ ዛሬ እንዴት እንደወጣልሽ ልቅመስልሽ» ይላሉ። የሚቀምሱት ግን ሁልጊዜ ሙሉ ቁራጭ ነው። ውበቴ ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ አስቀመሰቻቸው። አንድ ቀን ከአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ ቆረጠችና በክሬም አሳምራ ቀባችው፤ አናቱ ላይ ቼሪ አኖረችበት፤ በሹካ አድርጋም አቀረበችላቸው። ጋሽ ሽታሁን ነከሱ። አልተቆረጠም። ሳቡት፤ ተለጠጠ። ለቀቁት፤ ተመልሶ ቅርፁን ያዘ።

«ትንሽ ጠነከረ መሰል» አሉ በጨዋነት።

ውበቴ ምድጃው ጀርባ ሄዳ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ሰውዬው አልተቀየሟትም፤ እንዲያውም ታሪኩን ለቢቸና ሰው ያዳረሱት ራሳቸው ናቸው።

የተወለደችው ግንደወይን አጠገብ ነው። ወጣት ሳለች ባሕር ዳር ወርዳ አንድ ኬክ ቤት ውስጥ ዕቃ አጣቢ ሆና ገባች። ዕቃ እያጠበች በጎን ዋናውን ኬክ ሠሪ ታይ ነበር። ሰውዬው ሥራውን ለሰው ማሳየት አይወድም። እሷ ግን «ጋሼ፣ እንደዚህ አድርገው ሲያበላሹት እንዴት ነው የሚያስተካክሉት?» እያለች ታናድደዋለች፤ እሱም «ማን አበላሸ?» ብሎ ሙያውን ሁሉ ይዘረግፍላታል። እንዲህ እያናደደች ተማረች። ምድጃ መግዣ ስታገኝ ወደ አገሯ ቅርብ ወደ ቢቸና ተመለሰች፤ ሁለት ሴት ልጆችም በዚያው ምድጃ አሳድጋ ለወግ ማዕረግ አበቃች።

በዚህ ሁሉ ጊዜ በተንኮል የሚስተካከላት አንድ ሰው ብቻ ነበር። እሱም የሞጣው ነጋዴ አብዱልዋሂድ ነው። ሞጣ ገበያው አጠገብ ብስኩት፣ ከረሜላ፣ ቸኮሌትና የኬክ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ አለው። አያቱም አባቱም እዚያው ሞጣ ነጋዴዎች ነበሩ። ውበቴ የሊጥ ማስነሻ ዱቄትና የኬክ ቀለም የምትገዛው ከእሱ ነው። አንድ ዓመት ለዒድ ሪባን የታሰረ ትልቅ ካርቶን ላከችለት። እሱና ሚስቱ ራዲያ ሲከፍቱት ውስጡ ሌላ ካርቶን፣ እሱ ውስጥ ሌላ፣ መጨረሻ ላይ አንዲት ፍሬ ዳቦ ቆሎ አገኙ። አብዱልዋሂድ ዳቦ ቆሎዋን ለሚስቱ አካፍሎ በላና «ቀኑ ይመጣል» አለ።

ቀኑ የመጣው ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ሰሞን በገቡበት ዓመት ነው።

ቢቸና ጤና ጣቢያ የምትሠራው ሲስተር እፀገነት ወደ ሌላ ወረዳ ተቀይራ ልትሄድ ነበር። ባልደረቦቿ የስንብት ኬክ አዘዙ። «የጾም ይሁን፤ ግን የቸኮሌት ይሁን፤ እውነተኛ ጥቁር ቸኮሌት» አሉ። የጾም ኬክ ለውበቴ አዲስ አይደለም። እንቁላልና ቅቤ በሌለበት በዘይትና በሶዳ ታስነሳዋለች። ችግሩ ላዩ ላይ የሚፈሰው ቸኮሌት ነው። ወተት የሌለበት መሆን አለበት። ስለዚህ በማለዳ ሚኒባስ ተሳፍራ ሞጣ ሄደች።

አብዱልዋሂድን ባንኮኒው ላይ ተደግፎ አገኘችው። ከንፈሩ ደርቋል፤ ዓይኑ ግን እንደ ወትሮው ነው።

«ውብዬ! ዛሬ ደግሞ ምን ተንኮል ይዘሽ መጣሽ?»

«ጾመኛ ነኝ፤ ተንኮል ትቻለሁ» አለችው። «ጥቁር ቸኮሌት ስጠኝ። ወተት የሌለበት።»

ሰውዬው ከመደርደሪያው ላይ ጥቁርና የሚያብረቀርቅ ጡብ የሚያህል ቸኮሌት አወረደ። መልኩ ያምራል፤ ላዩ ፊት ያሳያል።

«ይኸውልሽ። ከዚህ የጠቆረ የለም። የጾም ለመሆኑ ደግሞ ምስክር አለው።» ማሸጊያውን ገልብጦ በጣቱ አሳያት። በአንድ በኩል በእንግሊዝኛ፣ በሌላው በኩል በዓረብኛ ተጽፏል። «እዪ፤ ቬጂቴብል ፋት ይላል። ቬጂቴብል ማለት አትክልት ነው። በዓረብኛውም ‹ዱህን ነባቲ› ይላል፤ ከዕፅዋት የወጣ ስብ። ከአትክልት በላይ ምን ጾም አለ?»

ውበቴ ማሸጊያውን ተቀበለችው። ፊት ለፊቱን አየች። «ኮምፓውንድ» የሚል ቃል በትንንሽ ፊደል ተጽፏል፤ የካካዎ መጠን የሚያሳይ ቁጥር ግን የትም የለም።

«አብዱ፣ ይኼ እኮ ቸኮሌት መሳይ ነው። የቸኮሌት ስቡ ከካካዎው ከራሱ የሚወጣው ቅቤ ነው። እዚህ እሱን አውጥተው በርካሽ ዘይት ተክተውታል። ካካዎው ዱቄቱ ብቻ ነው የገባው። ‹አትክልት› ያልከው እሱን ነው የሚናገረው እንጂ ጾሙን አይደለም።»

«ታዲያ ርካሽ ቢሆንስ? ጾም አይደለም?»

«እስቲ ከነባቲው ቀጥሎ ያለውን አንብብልኝ። ዓረብኛ ያንተ ነው።»

አብዱልዋሂድ መነጽሩን አድርጎ በቁርዓን ቤት እንደለመደው ድምፁን ከፍ አድርጎ ማንበብ ጀመረ። «ሱክር… ስኳር ነው። ዱህን ነባቲ… ብለናል። ካካው… መስሑቅ መስል አል…» ድምፁ ቀነሰ። «አል… ሐሊብ።»

«ሐሊብ ምንድን ነው?»

«ወተት» አለ ቀስ ብሎ።

«የወተት አጓት ዱቄት ነው። እንግሊዝኛውም እንደዚያ ነው የሚለው።»

ሰውዬው ማሸጊያውን ራቅ ቀረብ እያደረገ አየው። «ስንቱን ጾመኛ አስፈስኬዋለሁ!» አለና መነጽሩን አወለቀ። ውበቴ ልትስቅ ፈለገች፤ ፊቱን አይታ ተወችው።

ሌላ አወረደ። ይኼኛው ቡናማ ማሸጊያ ያለው፣ ማዕዘኑ ላይ ሠላሳ ሁለት ፐርሰንት ካካዎ የሚል ነው። ስቡ የካካዎ ቅቤ ነው፤ እውነተኛ ቸኮሌት ነው፤ ግን የወተት ዱቄት ከነስሙ በግልጽ ተጽፏል። እሱም ተመለሰ።

«ሌላ የለህም?»

«ነበረኝ» አለ አብዱልዋሂድ፤ ተንፍሶም ከባንኮኒው ሥር አንድ ካርቶን በእግሩ ገፋ አድርጎ አወጣ። «ከዚሁ ፋብሪካ የመጣ ነው። ሰባ ፐርሰንት የሚል። የጫነው መኪና ደጀን ሳይደርስ ዓባይ በረሃ ውስጥ ተበላሽቶ በፀሐይ ቆመ። እዚህ ሲደርስ እንዲህ ሆኖ አገኘሁት። ሻግቷል። ለሁለት ሰው ሸጬ ሁለቱም መለሱልኝ።»

ውበቴ አጎንብሳ አንዱን ፈልቀቅ አደረገች። ጥቁሩ ቸኮሌት ላይ ግራጫ ነጭ ነገር ደመና መስሎ ተኝቶበታል። አሸተተችው፤ የካካዎ ሽታ እንጂ የሻጋታ ሽታ የለውም። ጸጉር የሚመስል ነገር የለበትም። አውራ ጣቷን አሳርፋ ቀስ ብላ አሸችው። ነጩ ቅባት ሆነና ጠፋ፤ ከሥሩ ጥቁርና ወዛም ፊት ብቅ አለ፤ ጣቷም ላይ ቀለጠ። ሻጋታ አይደለም። በሙቀቱ የካካዎው ቅቤ ቀልጦ፣ ሲቀዘቅዝ ወደ ላይ ወጥቶ የረጋ ነው። እርጥበት ነክቶት ስኳሩ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ እንደ አሸዋ ይሻክራት ነበር፤ በመታሸትም አይጠፋም። ጀርባውን አነበበች፤ የካካዎ ፍትግ ማለትም የተፈጨ ፍሬው፣ የካካዎ ቅቤ፣ ስኳር፤ ወተት የሚባል ነገር የለም።

በዚያች ቅጽበት ማድረግ የነበረባት ቀላል ነው። «አብዱ፣ ይኼ ደህና ነው» ማለት። ልትለውም አፏን ከፍታ ነበር። ግን ሰውዬው ካርቶኑን እንደ ሬሳ ሲያየው አየችና ያ የድሮ አመሏ ተነሳባት።

ጾም ስለሆነ መዋሸት አልፈለገችም። ስለዚህ አልዋሸችም። ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። ራሷን ነቀነቀች። «እንዲህ ሆኖ ሰው ፊት ባታወጣው ይሻላል» አለች።

«ልጥለው ነበር እኮ። ልጆች አንስተው እንዳይበሉት ፈርቼ ነው።»

«እኔ እገላግልሃለሁ» አለች ውበቴ። «ወደ ቢቸና ይዤው ልሂድ።»

«አላህ ይስጥሽ! አንቺ እኮ ልብሽ ጥሩ ነው» አለና ካርቶኑን በገመድ አስሮ፣ ራሱ ተሸክሞ ሚኒባሱ ድረስ ሸኛት። ውበቴ እስከ ደብረ ወርቅ ድረስ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ስትስቅ ሄደች። አጠገቧ የተቀመጡት ሴትዮ የምታለቅስ መስሏቸው «አይዞሽ ልጄ፣ ሁሉም ያልፋል» አሏት።

በማግስቱ ሙቅ ውሃ ላይ ሳህን አስቀመጠች፤ ከካርቶኑ ግማሽ ያህሉን ቸኮሌት እየላጠች ጣለችበት። ደስታው አጣድፏት ስለነበር ማሸጊያዎቹን አንድ በአንድ አላየችም፤ ቡናማ ነው፣ ትልጣለች፣ ትጥላለች። የወጣው ነጭ ሁሉ ከሌላው ጋር ቀልጦ እንዳልነበረ ሆነ። ሙቅ ውሃና ጥቂት ዘይት ጠብ አድርጋ ስታማስለው እንደ ሐር የሚወርድ ጥቁር ሆነ። ኬኩ ላይ አፈሰሰችው። ጋሽ ሽታሁን በሩ ላይ ቆመው አዩና በልማዳቸው «ልቅመስልሽ» ሊሉ ሲሉ ተዉት፤ ጠዋት ነው፤ የጾም ሰዓታቸው ገና አልደረሰም፤ ስፖንጁም ትዝ ሳይላቸው አልቀረም። በምትኩ ከቆሻሻው መያዣ ላይ የሚያብረቀርቁትን ማሸጊያዎች ሰብስበው «እነዚህን ልውሰዳቸው» ብለው ሄዱ።

ከሰዓት በኋላ፣ እንግዶቹ ሊመጡ ጥቂት ሲቀር፣ ስልኳ ጮኸ። አብዱልዋሂድ ነው።

«ውብዬ፣ እንዴት ነሽ? ቀብሩ እንዴት ነበር?» ድምፁ ለስላሳ ነው፤ በጣም ለስላሳ።

«የምን ቀብር?»

«የሻጋታው። ራዲያ ማታ ነግራኝ ነው። ‹ሴትዮዋ ሻጋታ ለመጣል ቢቸና ድረስ ትሳፈራለች እንዴ? ሞጣ ጉድጓድ ጠፋ?› አለችኝ። ሌሊቱን ሙሉ ሳስብ አደርኩ።»

ውበቴ ሳቋ አመለጣት። «ነቃህብኝ!»

«ደህና። ደስ ይበልሽ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያ ፋብሪካ የወተቱንም የጥቁሩንም በአንድ ዓይነት ቡናማ ነው የሚያሽገው፤ አይተሻል። ልዩነቱ ጥጉ ላይ ያለችው ቁጥር ናት። እኔ ካርቶኑን ስከፍት ስዘጋ ነበር፤ ደንበኛም ይመልሳል፣ ሠራተኛም ይደረድራል። ለመሆኑ ሁሉም ላይ ሰባ መሆኑን አይተሻል? አንድ በአንድ?»

ውበቴ ከላይ ያለውን አንዱን አይታለች። የቀረውን በሳቅ ነው የላጠችው። አሁን የላጠችው ሁሉ ቀልጦ አንድ ሆኗል። መቅመስ ብትፈልግ ወተት ካለበት ጾሟን መግደፏ ነው፤ ደግሞ በብዙ ጥቁር መካከል ጥቂት ወተት ቢገባ ምላስ ይለየዋል?

«አብዱ፣ ምን እያልከኝ ነው? ገብቶበታል ወይ?»

«እኔ ምን አውቄ? ጠየቅሁሽ እንጂ» አለና ዘጋው።

ማሸጊያዎቹ! ወደ ቆሻሻው መያዣ ሮጠች። የድንች ልጣጭ ብቻ። እጇን እስከ ክንዷ ከተተች። ከዚያ ትዝ አላት።

«ጋሽ ሽታሁን! ጋሼ! ማሸጊያዎቹን የት አደረጓቸው?»

ጋሽ ሽታሁን በእጃቸው ወደ ጓሮ አመለከቱ። እዚያ ሰላጣና ቆስጣቸውን ወፍ እየለቀመባቸው ሲቸገሩ ከርመው ነበርና በመደቡ ዙሪያ ክር ዘርግተው የቸኮሌት ማሸጊያዎቹን አንድ በአንድ አንጠልጥለዋቸዋል። ነፋስ ይነፍሳል፤ ማሸጊያዎቹ ይሽከረከራሉ፤ ያብረቀርቃሉ። ወፎቹ በሩቁ አጥር ላይ ተኮልኩለው ያያሉ።

ውበቴ ሽርጧን እንዳደረገች ሰላጣው መሐል ገባች። አንዱን ይዛ ጥጉን ታያለች፤ ሰባ። ቀጥሎ ሌላው፤ ሰባ። አንዱ ነፋስ አዙሮት ጀርባውን ይሰጣታል፤ እሷም ትዞረዋለች፤ እሱም ይዞራል።

«ቀስ ብለሽ! ሰላጣዬን!» አሉ ጋሽ ሽታሁን። «ምን ጠፋብሽ?»

«ወተት ነው የምፈልገው ጋሼ!»

«ከቆስጣ ላይ?»

በዚህ መካከል ሲስተር እፀገነትና ባልደረቦቿ ደረሱ። በሱቁ ሰው ሲያጡ በጎን በር ወደ ጓሮ ዘልቀው ውበቴን አገኟት፤ አንገቷን ወደ ላይ ቀና አድርጋ፣ ክር ላይ የተንጠለጠለ ወረቀት እያባረረች።

«እትዬ ውበቴ፣ ደህና ነሽ?» አለች እፀገነት፤ እንደ ነርስ ፊቷን እያጠናች።

«ደህና ነኝ የኔ ቆንጆ፤ አንዲት ብቻ ናት የቀረችኝ!»

የመጨረሻዋ ማሸጊያ ተሸብልላ ክሩ ላይ ተጠቅልላ ነበር። ውበቴ ፈታቻት። የመጀመሪያው ፊደል ተገለጠ፤ ከዚያ ጥጉ። ሰባ። ጀርባውን አነበበች፤ ፍትግ፣ ቅቤው የካካዎ፣ ስኳር። ሰላጣው መሐል ቁጭ አለች።

ኬኩ ተቆረጠ። ጾመኞቹ በሰዓታቸው በሉ፤ አንዷ ሐኪም እንዲያውም «የፍስክ አይደለም ስትዪ አላምንሽም» ብላ ሁለተኛ ቁራጭ ወሰደች። ውበቴ ግን ስልኳን አንስታ ለአብዱልዋሂድ ደወለች።

«ሁሉም ሰባ ነው!» ብላ ጮኸችበት። «ምንም አልነበረበትም!»

ከወዲያ በኩል የሁለት ሰው ሳቅ መጣ። ስልኩ በድምፅ ማጉያ ላይ ነበር፤ ራዲያ ሳቋ ከባሏ ይበልጣል።

«እኔስ ነበረበት አልኩሽ?» አለ አብዱልዋሂድ። «ጾመኛ ነኝ፤ አልዋሽም። አንቺም እኮ ሻግቷል አላልሽኝም። በደንብ አስቤ አየሁት፤ መተንፈስ ብቻ ነው የተነፈስሽው።»

«የተነፈስኩት ትንፋሽ ይኼን ያህል ዋጋ ያስከፍለኛል ብዬ አላሰብኩም» አለች ውበቴ፤ ከዚያ እሷም ሳቀች፤ ጋሽ ሽታሁን የተረገጠ ሰላጣቸውን እያነሱ እስኪገላምጧት ድረስ ሳቀች።

በሳምንቱ ከዚያው ቸኮሌት ሌላ የጾም ኬክ ሠርታ፣ ከካርቶኑ የተረፈውንም ጨምራ ለካሣ ይዛ ለአፍጥር ሞጣ ሄደች። ፀሐይ ጠልቃ፣ ቴምሩና የምስር ሳምቡሳው ከተነሳ በኋላ ራዲያ በሳህን ሦስት ቁራጭ ቸኮሌት አቀረበች፤ ጥቁሩን፣ የወተቱንና ኮምፓውንዱን። ባሏ ዓይኑን ጨፍኖ እንዲቀምስ አዘዘችው።

«ይኼ መረር ይላል፤ ምላሴ ላይ ወዲያው ቀለጠ» አለ። ጥቁሩ ነው። «ይኼ ይጣፍጣል፤ ወተት ወተት ይላል፤ እሱም ይቀልጣል።» ሦስተኛውን አፉ ውስጥ አዟዟረው። «ይኼ ደግሞ… ይጣፍጣል፤ ግን አልሄድም አለኝ። ላንቃዬ ላይ እንደ ሻማ ተለጠፈ።»

ውበቴ ጾም ላይ ናትና የደረሳት ጥቁሩ ብቻ ነው። ከላዩ ነጩ አልጠፋም ነበር። አፏ ውስጥ መጀመሪያ ትንሽ ፍርክስ አለ፤ ከዚያ ሟሟ። በዓመቱ ከቀመሰችው ሁሉ ይህን ወደደችው።

አብዱልዋሂድ በማግስቱ መደርደሪያውን ሦስት ቦታ ከፍሎ በትልቅ የእጅ ጽሑፍ ለየው። ኮምፓውንዱ ላይ «ይጣፍጣል፣ የጾም አይደለም» ብሎ ጻፈበት። የተረፉት ነጭ ያወጡ ቸኮሌቶች ደግሞ ዝናቸው ወጣ። ሞጣ ውስጥ «እውነተኛው ቸኮሌት ነጭ የሚያወጣው ነው» የሚል ወሬ ተነዛ፤ ማን እንደነዛው አብዱልዋሂድ ይጠረጥራል።

አንድ ቀን ስጦታው የሚባል መምህር አዲስ ከመጣው ጭነት የገዛውን ሰባ ፐርሰንት ይዞ ተመለሰ። የሚያብረቀርቅና እንከን የሌለው ነው።

«ነጩ የታለ?» አለ ተቆጥቶ። «አስመሳዩን ነው የሸጥክልኝ!»

አብዱልዋሂድ ማሸጊያውን ገልብጦ ካካዎውን፣ ቁጥሩን፣ ቅቤውን አሳየው። ኮምፓውንዱም በሙቀት ነጭ ሊያወጣ እንደሚችል፣ ነጩ የሚናገረው ስለ መንገዱ እንጂ ስለ ዘሩ እንዳልሆነ አስረዳው። መምህሩ አላመነም። አብዱልዋሂድ ሲቸገር ወደ ቢቸና ደወለ።

«መስኮቱ ላይ ፀሐይ ያሙቀውና ከዚያ ያቀዝቅዘው በለው» አለች ውበቴ። «ነጩን ራሱ ያወጣዋል።»

መምህሩ እንደተባለው አደረገ። ከሁለት ቀን በኋላ ቅርፁ የጠፋ፣ ግራጫ ደመና የለበሰ ጥፍጥፍ ይዞ፣ ፊቱ በርቶ መጣ። «አሁን ትክክል ሆነ!» አለና ባንኮኒው ላይ ሰብሮ ለአብዱልዋሂድም ለራዲያም አካፈላቸው።